«ሴይ» እና «ቴል»ን በአማርኛ ማስረዳት ይገባል ወይስ አይገባም?

ጠያቂዋ፦ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «ሴይ» እና «ቴል» የሚሉትን ሁለት ግሶች እያቀያየሩ ይጽፋሉ። ትምህርት ቤታችን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ እንዳንናገር ያዛል። ልዩነቱን በአማርኛ ባስረዳቸው እጠቅማቸዋለሁ ወይስ እጎዳቸዋለሁ?

በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር፦ ትምህርት ቤትዎ ያዘዘው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በኩል አዙሮ የሚያልፍ ከሆነ የመምህሩ ንግግር ጥሎት ይሄዳል። እኔ በክፍሌ የማደርገው «ቶልድ ሚ»፣ «ቶልድ ሂም»፣ «ቶልድ አስ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ደጋግሞ ማስነበብ ብቻ ነው። ከቴል ቀጥሎ ሰው እንደሚመጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

የማታ ተማሪ፦ እኔ ግን በአማርኛ የተነገረኝ በአንድ ቀን ነው የገባኝ። ሴይ ማለት «አለ» ነው፣ ቴል ማለት «ነገረ» ነው። መምህራችን ይህን ካሉን በኋላ ብዙም አልተደናገርኩም። ይህን ያህል የሚያከራክረው ምኑ እንደሆነ አልገባኝም።

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፦ የማታ ተማሪው ያቀረበው ዝምድና ከግማሽ በላይ እውነት አለው፤ ስህተቱ የሚወለደውም ግን ከዚያው ነው። «ነገ እመጣለሁ አለኝ» የሚለውን እንዲተረጉም ቢሰጠው «አለ» ሴይ ነው፣ «ኝ» ደግሞ ሚ ነው ብሎ «ሂ ሴድ ሚ» ብሎ ይጽፋል። በደብተር ላይ ለዓመታት ሳርመው የኖርኩት ይህንኑ ነው። አማርኛ ሰሚውን በግሱ ጅራት ላይ ስለሚሰቅል «አለ»ም «ነገረ»ም እኩል ይሸከሙታል፤ አለኝ፣ ነገረኝ፣ አላት፣ ነገራት። በእንግሊዝኛ ግን ሰሚውን ያለ መስተዋድድ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ቴል ብቻ ነው። ሴይ ሰሚውን ጨርሶ ይተወዋል፤ ካነሳውም በመካከል «ቱ» ያስገባል።

ስለዚህ እኔ የማስተምረው ግሱን ትተው ጅራቱን እንዲያዩ ነው። «አለኝ» ቢሆን «ነገረኝ»፣ የሰማው ሰው በግሱ ላይ ካለ ቴል ይመረጣል። «ይመጣል አለ» ቢሆን ግን ሰሚ ስለሌለ ሴይ ይሆናል። «ና በለው» የሚለውም ከ«አለ» የወጣ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ቴል ነው የሚሆነው፤ ቃል ለቃል ያጣመረ ተማሪ ይህን አያገኘውም። (በሰሌዳ ላይ «ገንዘብ አለኝ» እና «እመጣለሁ አለኝ» አንድ ዓይነት ይጻፋሉና፣ የንግግሩ «አለኝ» ላልቶ የሀብቱ ጠብቆ እንደሚነበብ አስቀድሞ በቃል ማሰማት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሳል።)

በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር፦ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ትንታኔ ለአማርኛ ሰዋስው ክፍለ ጊዜ የሚመች ይመስለኛል። ደግሞስ «አባትህን ሰላም በልልኝ» የሚለውን ምን ያደርጉታል? ጅራቱ ላይ «ኝ» አለ፤ እንግሊዝኛው ግን ሴይ ነው።

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፦ ጥሩ አነሱ። እዚያ ያለው «ልኝ» የሰማውን ሰው ሳይሆን የተባለለትን ሰው ነው የሚያሳየው፤ ሰሚው አባትየው ነው። አባትየውን በጅራቱ ላይ አድርገን «ሰላም በለው» ብንል እንኳ እንግሊዝኛው ሴይ እንደሆነ ይቀራል፤ ምክንያቱም «ሰላም» በቃሉ የሚባል ነገር ነው፤ ሰውየውም ከ«ቱ» በኋላ ይመጣል። በቃሉ የተጠቀሰ ንግግር ሲኖር ደንቤ እንደሚላላ አልክድም። እውነት መናገርን፣ ውሸት መናገርንና ተረት ማውራትን በተመለከተ ደግሞ እንግሊዝኛው ሰሚ ባይኖርም ቴልን ይወስዳል። እነዚህ ጥቂት ስለሆኑ በቃል ይያዙ እላለሁ።

ከቨርጂኒያ የሚጽፉ እናት፦ እኔ ስለ አማርኛ ትምህርት የምትወያዩ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም የልጄን ጉዳይ ላንሳ። ልጄ እዚህ ስለተወለደ እንግሊዝኛው ይቀድመዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «መምህሯ ነገረችኝ ነገ ትምህርት የለም» ይለኛል። «ትምህርት የለም አለችኝ» በል ብለው እሺ አይለኝም፤ ሰው ካለ ቴል ነው፣ ቴል ደግሞ «ነገረ» ነው ይለኛል። እንደዚህ የሚናገር ልጅ በምን ይታረማል?

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፦ እመቤቴ፣ ልጅዎ በሌላኛው በር ገብቶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። «የለም» ብሎ ንግግሩን እንዳለ ካስቀመጠ «አለችኝ» ይበል፤ «ነገረችኝ» ማለት ከፈለገ ደግሞ «ነገ ትምህርት እንደሌለ ነገረችኝ» ይበል። ይህ ለጠያቂዋም የሚጠቅም ይመስለኛል። አማርኛ የሰውን ንግግር ሲያወሳ በራሱ በተናጋሪው አፍ ማስቀመጥ ይወዳልና፣ «አልማዝ ነገ እመጣለሁ አለችኝ» ስንል «እመጣለሁ» ያለችው አልማዝ ናት። ተማሪው ይህን ሲተረጉም «አልማዝ ቶልድ ሚ አይ ዊል ካም» ብሎ ይጽፋል፤ ግሱን ቢያገኘውም የሚመጣው ሰው ተማሪው ራሱ ይሆናል። እኔ በመካከል አንድ እርምጃ አስገባለሁ፦ መጀመሪያ በአማርኛ «ነገ እንደምትመጣ ነገረችኝ» ብለው ይለውጡት። በዚህ ጊዜ ባለቤቷ «እሷ» መሆኗ እዚያው ይገለጣል፣ ሰሚውም ከ«ነገረ» ጋር ይታያል፤ ከዚያ «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ዉድ ካም» ለመድረስ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። አማርኛን ከክፍል ብናስወጣው ይህን ልምምድ እናጣለን፤ «ሂ ሴድ ሚ» ግን አብሮ አይወጣም፤ መምህሩ አማርኛ ተናገረም አልተናገረም የተማሪው ሐሳብ የሚነሳው ከ«አለኝ» ነው።

ከአዳማ የሚጽፍ መምህር፦ ክርክሩ የተማሪው ቋንቋ አማርኛ ነው ከሚል ግምት ተነስቷል። በእኔ ክፍል ግማሽ ያህሉ የሚያስቡት በአፋን ኦሮሞ ነው። «አለኝ» ለማለት «ናን ጄዴ»፣ «ነገረኝ» ለማለት «ናቲ ሂሜ» ይላሉ፤ ሰሚው በሁለቱም ከግሱ በፊት የራሱን ምልክት ይዞ ይቆማል እንጂ በግሱ ላይ አይንጠለጠልም። ጅራቱን እዩ ብላቸው የሚያዩት ጅራት የላቸውም። ከእነሱ ደብተር የማርመውም ይበልጡን «ቶልድ ቱ ሚ» የሚለውን ነው፤ ምልክቱን ወደ «ቱ» የሚለውጡት ይመስለኛል። በአማርኛ ሳስረዳ ለግማሹ ተማሪ አንድ የባዕድ ቋንቋ በሌላ እያስረዳሁ እንዳልሆነ በምን እርግጠኛ ልሁን?

በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር፦ እንግሊዝኛ ብቻ የምለው ለዚህም ጭምር ነው። ቢያንስ ሁሉንም እኩል ያስቸግራል።

ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፦ እኩል አያስቸግርም፤ ስህተታቸው የተለያየ ነው ብሎ መምህሩ አሁን ነግሮናል። የአዳማው ወንድሜ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ «አለኝ» እና «ናን ጄዴ»ን ጎን ለጎን ቢጽፋቸው፣ ሁለቱም ወደ «ቶልድ ሚ» እንደሚደርሱ ማሳየት ይችላል።

ከአዳማ የሚጽፍ መምህር፦ ሁለቱን ቋንቋ ስለምችል እሞክረዋለሁ። ሶማሊኛና ሲዳምኛ የሚናገሩ ተማሪዎችም አሉኝ፤ እነሱን በተመለከተ ግን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የለኝም።

ጠያቂዋ፦ የእኔ ክፍል ከሞላ ጎደል አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ «እንደምትመጣ ነገረችኝ» የሚለውን ልምምድ በሚቀጥለው ሳምንት አስገባዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ትእዛዝ በተመለከተ ግን ርእሰ መምህሩን ለማሳመን በቂ መልስ ያገኘሁ አይመስለኝም፤ እሳቸው የሚጠይቁኝ ስለ «ሴይ» እና «ቴል» ሳይሆን፣ ዛሬ ለሁለት ግስ የተፈቀደው አማርኛ ነገ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ እንደማይወስደው ነው።