«እናቴ እንዳትሰማ» ያለው ልጅና የፈተናው መልስ

ሜሮን፦ ሐሙስ የሕክምና ሥነ ምግባር ሴሚናር ፈተና አለን። ንባቡ 40 ገጽ ነው፣ ለታካሚ እውነቱን ስለመናገር። መርሆቹን፣ የሚጋጩትን ግዴታዎችና የኬዝ መልሶቹን አሳጥሬ መያዝ እፈልጋለሁ። መለማመጃው ይሄ ነው፦ የ56 ዓመት እናት፣ የማህፀን በር ካንሰር፣ ደረጃ 3። ልጃቸው ውጤቱን አይቶ «እንዳትነግሯት፣ ትሞትብኛለች» አለ። እሳቸው ደግሞ ሐኪሙን «ልጄ፣ ምን አገኛችሁብኝ?» ብለው ጠየቁ። ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው? መልሱስ እንዴት ይጻፋል?

ናሆም፦ መልሱ አንድ መስመር ነው። ኦቶኖሚ፣ ማለትም ታካሚው ስለራሱ የመወሰን መብቱ፣ ይቀድማል። ሕመሙ የሳቸው ነው፣ ይነገራቸው። እኔ አራቱን መርሆች፣ ኦቶኖሚን፣ መልካም ማድረግን፣ አለመጉዳትንና ፍትሕን፣ ከነትርጉማቸው ጻፍኩ፣ ኦቶኖሚን ከላይ አደረግኩ። ኬዝ ሲመጣ ከላይ ወደ ታች እያየሁ እመልሳለሁ።

ሲስተር ጽጌ፦ ናሆም ወንድሜ፣ እኔ የካንሰር ዋርድ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ዘንድ መጥፎ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይወረወርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተመካክሮ፣ ንጋት ላይ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። በአንድ አፍ «ካንሰር ነው» ብለህ ብትወጣ የሚቀረው ማን ነው? ነርሷና ልጁ ናቸው። ብዙ እናቶች ያንን ቃል ከሰሙ በኋላ ምግብ ሲተው አይቻለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም። ፈርቶ ነው።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ናሆም፣ የጎዳህ ደረጃ ማውጣትህ ነው። አራቱን መርሆች በአንድነት ያቀረቡት ቢቻምፕና ቻይልድረስ ናቸው፣ መጽሐፋቸው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አንዱን ከሌላው በላይ አላስቀመጡም። ይህ አስተሳሰብ ከፈላስፋው ሮስ የመጣ ነው። ግዴታ ሁሉ ያስራል፤ የሚለቀው በዚያ ጉዳይ ላይ የበለጠ የሚከብድ ሌላ ግዴታ ሲገጥመው ብቻ ነው። የተሸነፈው ግዴታም አይጠፋም፣ ዕዳ ትቶ ይሄዳል። ልጁን «አይሆንም» ካልከው ለሱ የምትከፍለው ነገር አለ ማለት ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሲስተር ጽጌም ያለችው የኛ ብቻ ባህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የቺካጎ ሆስፒታል ሐኪሞች ተጠይቀው ነበር። 90 በመቶ ያህሉ ለታካሚው ካንሰር እንዳለበት ባይነግሩ ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። በመካከሉ ሕክምናው ተሻሽሏል፤ ታካሚ ሳያውቅ አይታከም የሚለው ሕግም ጠንክሯል። ስለዚህ «ባህላችን ነው» ብቻውን መልስ አይሆንም። ባህሉ የሚጠብቀው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ሜሮን። ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ ነው የሚጠብቀው። ያ ደግሞ ሳይዋሹም ሊጠበቅ ይችላል።

አቶ ደምሴ፦ እኔ በበኩሌ የታካሚ ምስጢር ለዘመድ መነገር የለበትም ባይ ነኝ። የጎረቤቴ የምርመራ ውጤት በአስታማሚ እጅ ሰፈር ገብቶ ስንት ጣጣ አመጣ።

ናሆም፦ ጋሼ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። ለታካሚዋ ይነገር ወይ ነው።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ቆይ ናሆም። አቶ ደምሴ ጥያቄውን ስተውት ይሆናል፣ ግን ማናችንም ያላየነውን ነገር ነኩት። ኬዙን መልሰህ አንብበው። ልጁ ውጤቱን ከእናቱ በፊት እንዴት አወቀ? እኛ ዘንድ የባዮፕሲውን ወረቀት ከፓቶሎጂ ተቀብሎ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ፖስታው ካልታሸገ መንገድ ላይ ይነበባል። የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ነው። እናቲቱ ማን ምን ይወቅልኝ ብለው ሳይወስኑ ልጁ ወሰነ። መልስሽ ውስጥ ይህን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ካለ ኬዙን በደንብ እንዳነበብሽ ይታወቃል።

ብሩክ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሐኪም መረጃው ታካሚውን ይጎዳል ብሎ ካመነ መደበቅ ይችላል፣ የታወቀ መብት ነው። ስለዚህ ልጁ «ትሞትብኛለች» ካለ ሐኪሙ በዚያ ተደግፎ ዝም ማለት ይችላል።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ግማሹ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ በር አለ። ግን የበሩ ቁልፍ በቤተሰብ እጅ አይደለም። መረጃው ራሱ ከባድ ጉዳት ያመጣል ብሎ መመዘን ያለበት ሐኪሙ ነው፣ ታካሚዋን አይቶና አነጋግሮ። ማዘንና መደንገጥም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1972 ዋሽንግተን የተፈረደው የካንተርበሪ ጉዳይ አንድ ነገር አስምሮበታል፦ ታካሚው ካወቀ ሕክምናውን እምቢ ይላል ተብሎ መደበቅ አይቻልም። እስራኤል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996ቱ የታካሚ መብት ሕግ መረጃ ለመንፈግ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት። ሐኪሙ ብቻውን አይወስንም፣ ልጁማ ጨርሶ።

ሰላም፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እኔ ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። አባቴን የያዘው ሆስፒታል አስተርጓሚ ሳይጠራ እኔን አስተርጉሚ አለኝ። ሐኪሙ «ካንሰር» ሲል እኔ «ክፉ ቁስል ነው፣ ይድናል» አልኩ። አባቴ አመስግኖ ፈረመ። አራት ወር ሙሉ «ለምን ቶሎ አይሽርም?» ይለኝ ነበር። ያ ጥያቄ እስካሁን ይከተለኛል። እባካችሁ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። ግን ደግሞ ሐኪሙ ፊት ለፊት ቢነግረው ይሻል ነበር ወይ? አባቴን አውቀዋለሁ፣ አላውቅም።

ሲስተር ጽጌ፦ አይዞሽ እህቴ። ሸክሙን ያሸከሙሽ እነሱ ናቸው።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ሰላም፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ ጽሑፍ ነበር። መጥፎው ዜና መጀመሪያ ለቅርብ ቤተሰብ ይነገርና እነሱ በወጉ ያድርሱት የሚል ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። የሚፈርሰው ግን አባትሽ ዘንድ እንደሆነው፣ ቤተሰቡ ወሬውን ተቀብሎ ሳያደርስ ሲቀር ነው። ሐኪሙም ደርሶ እንደሆነ አያጣራም።

ሜሮን፦ ዶክተር፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፣ ይዩልኝ። «ኦቶኖሚ ይነገራቸው ይላል። አለመጉዳት አይነገራቸው ይላል። መልካም ማድረግ ሕክምና እንዲያገኙ ይላል። ፍትሕ በዚህ ኬዝ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ሁኔታውን አመዛዝኖ ይወስናል።»

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ይህ ከግማሽ በታች ነው የሚያሰጥሽ። አንድ ሙከራ አድርጊ። የመርሆቹን ስም በእጅሽ ሸፍኚ። ስሞቹ ሲጠፉ ምክንያት ይቀራል? አይቀርም። የቀረው «ይነገር፣ አይነገር፣ ይወሰን» ነው። አለመጉዳትንም ለልጁ ብቻ ሰጠሽው። አለማወቅም ይጎዳል። እስቲ ሕክምናው ምን እንደሆነ ንገሪኝ።

ሜሮን፦ በዚህ ደረጃ ጨረርና ኬሞ አብረው ነው የሚሰጡት።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ጎሽ። ጨረሩ በተለመደው አሰጣጥ 25 ጊዜ ነው፣ አምስት ሳምንት ያህል። በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያ በውስጥ በኩል የሚሰጥ ጨረር ይከተላል። ሲስፕላቲን ያስመልሳል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። እኚህ እናት ከክፍለ ሀገር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ሳምንታት ሙሉ እየተመላለሱ፣ እያስመለሳቸው «ለምንድን ነው?» ሲሉ ምን ይባላሉ? ቁስል ነው? ቁስል ነው የተባለ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሽሎኛል ብሎ አገሩ ይገባል። የተቋረጠ ጨረር ደግሞ በሽታውን የመቆጣጠር ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ኬዝ ላይ መልካም ማድረግም ወደ መንገር ያዘነብላል። ግጭቱ መጀመሪያ ያሰብሽው ቦታ አይደለም። እውነተኛው ግጭት ለእናቲቱ ባለብን ሐቀኝነትና ልጁን ሳናዋርድ ተንከባካቢነቱን በማቆየት መካከል ነው። ልጁ ከተቀየመ የሚያመላልሳቸው ሰው የለም።

ማጠቃለያሽም አንድ ገጽ ይብቃው። ለእያንዳንዱ ኬዝ አራት ነገር ጻፊ። ምን ትወስኛለሽ? የትኛው ግዴታ ተሸነፈ? ለተሸነፈው ምን ይከፈላል? የትኛው እውነታ ቢቀየር ውሳኔሽን ትቀይሪያለሽ? ትርጉሞቹን ተያቸው፣ ፈታኙ ያውቃቸዋል።

ሜሮን፦ እንደገና ሞከርኩ። «ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ይቀበለዋል፣ የፈራውን ይሰማል። "እኔ በግድ አልነግራቸውም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም" ይለዋል። ከዚያ እናቲቱን ጸጥ ባለ ቦታ፣ የመረጡት ሰው ባለበት፣ ስለ ሕመማቸው ምን እንደሚያውቁ ይጠይቃል። ቀጥሎ "ውጤቱን ሙሉውን ልንገርዎ ወይስ የሚሰማልዎ ሰው አለ?" ይላል። ማወቅ ከፈለጉ በሚገባቸው ቃል ይነግራቸዋል፣ ሕክምና እንዳለም አያይዞ። የተሸነፈው የልጁ ልመና ነው። ለሱ የሚከፈለው አብሮ መዘጋጀቱና ከተነገራቸው በኋላ ብቻውን አለመተዉ ነው። ውጤቱ መጀመሪያ በልጁ እጅ መግባቱ ስህተት ነበር። እናቲቱ "አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩት" ካሉ ውሳኔዬ ይቀየራል።»

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ ይህን ፈታኝ ሆኜ ባየው ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ። እናቲቱ ቀድመው «ምን አገኛችሁብኝ?» ብለዋል። ያ ግማሽ መልስ ነውና ተጠቀሚበት።

ናሆም፦ ደረጃ ማውጣቱን ተውኩት። ግን የመጨረሻዋ መስመር አልተዋጠችልኝም። «ለልጄ ንገሩት» ካሉ ልጁ የኬሞውን ፎርም ይፈርማል ማለት ነው? የበሽታውን ስም ያልሰማ ሰው ተስማማ ይባላል?

ሲስተር ጽጌ፦ ይባላል። አለማወቅን መምረጥም የሳቸው ምርጫ ነው። ቃላቸውን ካርዱ ላይ ጽፈህ፣ ምስክር ይዘህ፣ በየሳምንቱ «አሁንስ ሐሳብዎን ቀየሩ?» ትላለህ።

ዶ/ር ሙሉጌታ፦ የበሽታውን ስም አልሰማም ማለት ይችላሉ፣ በዚህ ከሲስተር ጋር ነኝ። ኬሞው ምን እንደሚያደርጋቸው ግን ሳያውቁ መድኃኒቱን አልሰቅልም። ማስመለሱን፣ ኩላሊቱን፣ የሳምንታቱን ርዝመት ራሳቸው መስማት አለባቸው። ስሙን ልጁ ይያዝላቸው።

ናሆም፦ ታዲያ ያን ሁሉ ሲሰሙ በሽታውን አያውቁትም?

ሲስተር ጽጌ፦ ያውቁታል። ብዙዎቹ ያውቁታል፣ አይጠሩትም እንጂ።

ሰላም፦ አባቴም ያውቅ ነበር ይሆን?