የ30 ተማሪዎች ሦስት አምስተኛ፦ የልጄ መንገድም ልክ ነው?

እባካችሁ እርዱኝ። የልጄ የቤት ሥራ «በክፍሉ 30 ተማሪዎች አሉ፤ 3/5ኛዎቹ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ስንት ናቸው?» ይላል።

እኔ 30ውን ለአምስት እኩል ቡድን አካፈልኩ፤ በየቡድኑ 6 ልጅ ደረሰ። ሦስቱን ቡድን ስወስድ 18 ሆነ። ልጄ ግን 30 ባቄላ ቆጥራ አምስት አምስት እያደረገች 6 ክምር ሠራች። ከየክምሩ 3 አነሳች። እሷም 18 አገኘች!

አሁን ግራ ገባኝ። አምስት የሚለው የቡድኖቹ ብዛት ነው ወይስ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉት ልጆች? በ20 ባቄላም ሞከርን፤ በሁለቱም መንገድ 12 መጣ። በ28 ግን ሁለታችንም ጋ 3 ባቄላ ተረፈ።

የእሷን መንገድ ስህተት ነው ማለት አልፈልግም። ሁለቱ ለምን እንደሚገጥሙ በባቄላው እንዴት ላሳያት?