ምድጃውን ማየት አቆምኩ፤ በሐሳቤ ግን አሁንም አየዋለሁ

እባካችሁ፣ ኦሲዲ የሚባለውን፣ ሐሳብና ድርጊት የሚያስደጋግም የአእምሮ ሕመም የምታውቁ እርዱኝ።

የኔ ጣጣ የጋዝ ምድጃ ነው። ልወጣ ስል «ባይጠፋስ? ቤቱ ቢቃጠልስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ልቤ ይመታል። ተመልሼ ማጥፊያውን እነካለሁ፣ እፎይ እላለሁ። ደረጃውን ሳልጨርስ «በደንብ አይቼዋለሁ?» ይለኛል። ድሮ አንዴ ማየት ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ሰባቴም አይበቃም። ደግሞ ባየሁ ቁጥር ትዝታዬ ይደበዝዛል። የማስታውሰው የዛሬውን ይሁን የትናንቱን መለየት ያቅተኛል።

ቴራፒስቴ እንዳስረዳችኝ፣ የሚያስረኝ እፎይታው ራሱ ነው። ጭንቀቱ ቶሎ ስለሚወርድ አእምሮዬ «ቤቱ የተረፈው ስላየሁ ነው» ብሎ ይማራል። ሳላይ ብሄድ ምን እንደሚሆን የሚያውቅበት ዕድል አያገኝም። ስለዚህ አንዴ አጥፍቼ ሳልመለስ እንድወጣ ተስማማን።

ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። እግሬ አይመለስም። ግን መንገድ ላይ ማጥፊያውን ያዞርኩበትን ቅጽበት በሐሳቤ ደጋግሜ አየዋለሁ። «ቀጭ» ያለችው ድምፅ ጥርት ብላ እስክትመጣልኝ አልለቅም። ከዚያ ለባለቤቴ ደውዬ «አጥፍቻለሁ አይደል?» እላለሁ። «አዎ» ሲለኝ አስር ደቂቃ ሰላም አገኛለሁ። ጭንቀቱ ግን ምንም አልቀነሰም። መፈተሹ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም ማለት ነው።

ስልኩን ማቆም እችላለሁ፤ እሱም እንዳይመልስልኝ እነግረዋለሁ። የጨነቀኝ የሐሳቡ ነው። እጅ ይያዛል፣ ሐሳብ እንዴት ይያዛል? ትዝታው ሲጀምር «ምናልባት አልጠፋም ይሆናል» ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ እንዴት ቻላችሁ? ይህች አባባል ራሷ ሌላ ማረጋጊያ እንዳትሆንባችሁስ ምን አደረጋችሁ?