የሙከራ ጊዜዬ አልፏል ወይስ አላለፈም?

ሰላም ወገኖች፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ብትረዱኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ተቀጥሬ ነበር። ውሌ ላይ «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ይላል። ደመወዜ በወር 6,000 ብር፣ በሳምንት 6 ቀን ነው የምሠራው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ትሪ ይዤ ወደ ሐይቁ በኩል ካሉት ጠረጴዛዎች ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ሙከራውን አላለፍሽም፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለኝ። በቃ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ወረቀት የለ።

የፊርማ መዝገቡን በስልኬ አንስቼው ስለነበር ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ የሠራሁት 66 ቀን ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በ60ው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱኝ እንደሚችሉ ገብቶኛል፣ አልከራከርም። እኔ ግን 6 ቀን አልፌያለሁ! ታዲያ የ3 ወሩ አንቀጽ ስለፈረምኩበት ብቻ ይጸናል? ካልጸናስ የአንድ ወር የማስጠንቀቂያ ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር ልጠይቅ እችላለሁ?

ሌላው፣ የመጨረሻዎቹን 14 ቀናት ደመወዝ «ወሩ ሲያልቅ ነይ» እያሉኝ ነው። ሕጉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል አይደል የሚለው?

አብራኝ የተቀጠረች ልጅ ደግሞ በ40ኛ ቀኗ በራሷ ስትለቅ «30 ቀን ቀድመሽ አላሳወቅሽም» ብለው ደመወዟን ያዙባት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ አለ? የመዝገቡ ፎቶ ለማስረጃነት ይበቃል?