ቡችላዬን ጭርት ነው ወይስ እከክ የያዘው? ፎቶዎቹን አይታችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ። የ5 ወር ቡችላዬ ነገር አስጨንቆኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት በግራ ዓይኑ ዙሪያ የሳንቲም ያህል ፀጉሩ ረገፈ። አሁን የፊት እግሩ ላይ ሁለት ተጨምሯል። ፎቶዎቹን በቀን ብርሃን፣ ሳንቲም አጠገቡ አድርጌ አንስቻለሁ።

ፎቶው የማያሳየውን ልንገራችሁ። ራሱን አያክም። ይበላል፣ ይጫወታል። የፀጉሩ ወዝ ግን ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ተጣብቆ ያድራል፤ ውሃ ይመስል የነበረው ፈሳሽ ቢጫ ሆኗል።

ጭርት ከሆነ ልጆቼን ይይዛል ብዬ ለይቼዋለሁ። አለማከኩ ደግሞ ወደ ሰው የማይተላለፈውን የዴሞዴክስ እከክ ያስጠረጥረኛል። ሐሙስ ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ምርመራውን እንዳያበላሽ ብዬ ምንም አልቀባሁትም።

ዓይኑስ እስከ ሐሙስ ይቆያል? ወይስ ዛሬውኑ ልውሰደው?