«ባያስ» አድሎ ነው እንዴ?

ቃል ፈላጊ፦ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ትርጉም እያረምኩ «የአድሎ ጅረት ምንጭ» የሚል ሐረግ ገጠመኝ። የትራንዚስተሩ ኢሚተር እግር ላይ ሬዚስተር ተደርጎለት ጥቂት ማይክሮአምፒር ስለሚሰጥ ሰርኪውት ነው የሚያወራው። ማን ለማን ነው የሚያዳላው?

ሰዋስው ወዳድ፦ መዝገበ ቃላቱን ተከትለው ነው። «ባያስ» አድሎም ማዘንበልም ነው። እኔ ብሆን «ማዘንበያ» እል ነበር።

ሰርኪውት ሠሪ፦ ሁለቱም አይሆንም። ትራንዚስተር ሲግናል ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ጅረት እያለፈበት ዝግጁ ሆኖ መቆየት አለበት። ባያስ የምንለው ያንን ነው። እኔ «መነሻ ጅረት» እላለሁ።

ጀማሪ፦ ጅረቱ እንዲያንስ ከሆነ ትልቅ ሬዚስተር ማድረግ አይበቃም? ኢሚተሩ ላይ 0.7 ቮልት ስላለ ለ10 ማይክሮአምፒር 70 ኪሎኦም ይበቃል።

ሰርኪውት ሠሪ፦ ሬዚስተሩ እንደሚወስነው ልክ ነህ ወንድሜ፣ 0.7 ቮልቱ ግን እሱ ላይ አያርፍም። የሁለት ትራንዚስተሮች ቤዝ እርስ በርሱ ተያይዟል። ከ5 ቮልት በ4.3 ኪሎኦም በኩል አንደኛው ላይ 1 ሚሊአምፒር ይገባል። ሁለተኛው ላይ የምንፈልገው የዚያን መቶኛ ነው። በክፍል ሙቀት ጅረቱ በአሥር እጥፍ ባነሰ ቁጥር የቤዝና የኢሚተር ቮልቴጅ በ60 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ለመቶ እጥፍ 120 ሚሊቮልት ማለት ነው። ሁለተኛው ኢሚተር ላይ ባለው ሬዚስተር የሚያርፈው ይህ ልዩነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ 12 ኪሎኦም ይበቃል። ያለ ኢሚተር ሬዚስተር በቀጥታ 10 ማይክሮአምፒር ብንፈልግ ከ5 ቮልቱ 430 ኪሎኦም ያስፈልገን ነበር። ቺፕ ላይ ይህን ያህል ሬዚስተር ብዙ ቦታ ይበላል። የሰርኪውት ንድፍ ባለሙያው ቦብ ዊድላር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ዘዴ ያመጣው ለዚህ ነው።

ጥገና ባለሙያ፦ እኔ በተናጠል ትራንዚስተሮች ሠርቼው 10 ጠብቄ 12 ማይክሮአምፒር ሆነብኝ። 12 ኪሎኦሙ ላይ ስለካ 144 ሚሊቮልት አለ። አንዱን ትራንዚስተር በጣቴ ስይዘው ንባቡ ይለዋወጣል።

ሰርኪውት ሠሪ፦ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ ሙቀታቸውም አንድ አይደለም። አንድ ቺፕ ላይ ያሉ ጥንዶችን ሞክር። ሌላው ደስ የሚለው፣ 5 ቮልቱን 10 ብታደርገው የመጀመሪያው ጅረት ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የሁለተኛው ግን 11.4 ማይክሮአምፒር አካባቢ ነው የሚደርሰው።

ሰዋስው ወዳድ፦ እንግዲያው «ምንጭ»ም አሳሳች ነው። ምንጭ ከራሱ ይፈልቃል፤ ይህ ግን ከሌላ ቦታ የሚመጣውን ይመጥናል። «ጅረት መጣኝ» ብንለውስ?

ሰርኪውት ሠሪ፦ «መጣኝ» ወደድኩት። ግን ባትሪንም «ምንጭ» እንላለን፤ እዚያም ላይ ልንለውጠው ነው?

ቃል ፈላጊ፦ «አድሎ»ን አሁኑኑ ሰርዣለሁ። «መነሻ ጅረት» ብዬ ጽፌ «ምንጭ»ን ለጊዜው እንዳለ ተውኩት።