«ተልዕኮ» ማን ማንን የላከበት ነው?

የቦርከናው
ሰላም የቃል ሰዎች። ኮምቦልቻ ላይ ከወንድሜ ጋር ብሎኬት እናመርታለን። ለብድር ማመልከቻ የድርጅት መግለጫና ተልዕኮ ጻፉ ተባልን። ይህን ጻፍኩ፦

«ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የግንባታ ግብዓቶችን በማምረትና ቀልጣፋ አገልግሎት በመስጠት በዘርፉ ግንባር ቀደምና ተመራጭ ሆኖ መገኘት።»

ባለቤቴ አንብባ «ታዲያ የምትሸጡት ምንድን ነው?» አለችኝ። ብሎኬት የሚለውን ቃል ረስቼዋለሁ ለካ! ለመሆኑ ተልዕኮ፣ ራዕይና ዓላማ በትርጉም ይለያያሉ?

ፊደል ወዳድ
ቀላል ነው። ተልዕኮ ያው ዓላማ ነው፣ በትልቅ ቃል ተጠራ እንጂ። ራዕይ የሩቁ፣ ተልዕኮ የቅርቡ። አሳጥረህ በአንድ መስመር ጻፈው፣ አለቀ።

የኔታ ዘጢጣ
ፊደል ወዳድ፣ የሩቅና የቅርቡ ልክ ነህ። ዓላማ ነው ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የግዕዙ ግስ «ለአከ» ነው፣ ላከ። መልእክትና መልአክም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ በአልፋው «ተልእኮ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ራእይም «ርእየ» ከሚለው ነው፣ አየ።

ዓላማ ለብቻህም ይኖርሃል። ተልእኮ ግን ላኪ ይፈልጋል፣ የሚደርስበት ሰውም ይፈልጋል። የቦርከናው፣ አንተን የላከህ ቤት የሚሠራው ሰው ነው። ምን አምጣልኝ ብሎ ላከህ? ጽሑፍህ ውስጥ ሰውየውም የለም፣ ያዘዘህም ዕቃ የለም። ግብዓት ምስማርም ነው፣ ቆርቆሮም ነው። «ተመራጭ» የሚለውን ደግሞ እየው፦ ያቺ «ተ» መራጩን ደብቃዋለች። ማን መረጠህ?

«ጥራቱን የጠበቀ»ን ገልብጠህ አንብበው። «ጥራት የጎደለው ብሎኬት እናመርታለን» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ? ከሌለ ቃሉ አንተን ከጎረቤትህ አይለይህም።

አይጠዬፍ ሰፈር
ተልእኮ እኮ የወታደር ቃል ነው፣ «ተልእኮውን ፈጽሞ ተመለሰ» ይባላል። ለብሎኬት ምን አመጣው?

የኔታ ዘጢጣ
ወታደሩም የተላከ ነው ወንድሜ፣ ያው ነው።

መርፌና ክር
እኔ ደሴ ልብስ እሰፋለሁ። ታፔላዬ «ሁለገብ ልብስ ስፌት» ይል ነበር። የቆዳ ጃኬት ዚፕ የተበላሸበት ሁሉ ይመጣ ነበር፣ የቆዳ መርፌ የለኝም እያልኩ ስመልስ እውል ነበር። «የተማሪ ዩኒፎርምና የሐበሻ ቀሚስ» ብዬ ቀየርኩት። ጃኬቱ ቀረ። ግን መጋረጃ የሚያሰፉኝ ሁለት ደንበኞችም አብረው ቀሩ። ስለዚህ አጥብቦ መጻፍ ሁልጊዜ ያዋጣል አልልም።

የኔታ ዘጢጣ
እውነትሽን ነው እታለም፣ ዋጋ አለው። የቦርከናው፣ እስቲ ሥራውን እንደ ወሬ ንገረን። ምን ታመርታላችሁ፣ ማን ይገዛል፣ እንዴት ይደርሰዋል?

የቦርከናው
ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ሴንቲ እናመርታለን። የሚገዛን በብዛት የራሱን ቤት የሚሠራ ሰው ነው፣ እዚህም ደሴም። ለደሴ በአይሱዙ ነው የምንልከው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የሚሰበር አይጠፋም፤ የተሰበረውን ቆጥረን እንተካለን። ብሎኬቱን ደግሞ 7 ቀን ውሃ እናጠጣለን።

የኔታ ዘጢጣ
አየህ፣ ይኼ ነው መግለጫ! አንድ ጥያቄ ብቻ። ሰባቱን ቀን ሁልጊዜ ነው?

የቦርከናው
እውነቱን ልናገር… ትዕዛዝ ሲበዛ በ4ኛው ቀን የጫንንበት ጊዜ አለ። የሚሰበረውም ያኔ ነው የሚበዛው።

የኔታ ዘጢጣ
እንግዲያው ወይ አትጻፈው፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ቀን ሳይሞላው አትጫን። ገዢው ቀኑን ቆጥሮ ይይዝሃል። «ጥራቱን የጠበቀ» ብትል ግን ማንም አይዝህም፤ ሰው የሚወደውም ለዚሁ ይመስለኛል።

የቦርከናው
ወንድሜን አማከርኩት፣ ከ7 ቀን በፊት አንጭንም ተባባልን። ይኸው፦

«ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት እናመርታለን። ደንበኞቻችን በኮምቦልቻና በደሴ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ተልእኳችን፦ 7 ቀን ውሃ የጠጣ ብሎኬት ግንባታው ቦታ ድረስ ማድረስ፣ በመንገድ የተሰበረውንም ቆጥሮ መተካት።»

መርፌና ክር
አሁን ገባኝ። ባለቤትህስ ምን አለች?

የቦርከናው
«ዋጋውስ?» አለች።

ፊደል ወዳድ
ጥሩ ነው፣ ግን ባንክ ለእንዲህ ያለ ተራ አማርኛ ብድር ይሰጣል? ትንሽ ከበድ ማለት ያለበት ይመስለኛል። ደግሞም ሁሉም ሰው «ተልዕኮ» ብሎ እየጻፈ በአልፋ መጻፍ ስህተት ያስመስላል።

የኔታ ዘጢጣ
በፊደሉ አልከራከርህም፣ ልማድ ሆኗል። በክብደቱ ግን አልስማማም። ብድር የሚፈቅደው ሰው ብሎኬቱን ማን እንደሚገዛው ማወቅ ይፈልጋል።

የቦርከናው
ቅጹ ላይ «ራዕይ» የሚል ባዶ ቦታም አለ። «በ2022 ዓ.ም. … ሆኖ ማየት» ብዬ ልሙላው ወይስ ልተወው?

አይጠዬፍ ሰፈር
ሙላው ባክህ፣ ሁሉም የሚጽፈው እንደዚያ ነው።

የኔታ ዘጢጣ
«ራእይ» ራሱ ማየት ነው፣ «ራእያችን… ማየት» ስትል ሁለቴ አየህ። በዚያ ዓመት በእርግጥ እንዲኖርህ የምትፈልገው ምንድን ነው?

የቦርከናው
የራሳችን አይሱዙ።